ሁለቴ የተከፈለ ወይስ ሁለቴ የተጻፈ?

አንድ ዕቃ በካርድ ስንገዛ ገንዘቡ የሚሄደው በአንድ ጊዜ ሳይሆን በሁለት እርምጃ ነው። መጀመሪያ ሱቁ ባንካችንን “ይህን ያህል አላት ወይ?” ብሎ ይጠይቃል፤ ባንኩም “አላት” ብሎ ያንን ያህል ገንዘብ ይይዛል። ይህ ፈቃድ ነው እንጂ ክፍያ አይደለም። ሱቁ የቀኑን ሽያጭ ዘግቶ ሲልክ ነው ገንዘቡ በእርግጥ የሚወጣው። የባንኩ አፕ ላይ የመጀመሪያው እርምጃ Pending፣ ሁለተኛው Posted ተብሎ ይታያል። “ሁለቴ ቆረጡብኝ” የሚባለው ነገር አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው እነዚህን ሁለቱን አንድ ላይ ከመቁጠር ነው።

እናቴም ባለፈው ኦክቶበር የቆጠረችው እንደዚያ ነበር። ከሌሊት ሥራ ገብታ ስልኳን እየሰጠችኝ “እስቲ እዪልኝ፣ ሦስት ቦታ ሁለት ሁለቴ ወስደውብኛል” አለችኝ። ካርዱ ዴቢት ነው፤ የቤት ኪራይም የሚወጣው ከዚያው ሂሳብ ነው። ስለዚህ ነገሩ የቁጥር ጨዋታ አልነበረም።

የመጀመሪያው ጥንድ የነዳጅ ነበር። 125 ዶላር አንድ መስመር፣ 41.15 ዶላር ሌላ መስመር፣ ሁለቱም ከአንድ ማደያ። መኪናዋ የ125 ዶላር ነዳጅ አትይዝም። ማደያው ካርዱ ሲገባ ስንት እንደምንቀዳ ስለማያውቅ አስቀድሞ ትልቅ ገንዘብ ያስይዛል። ቪዛና ማስተርካርድ ይህን ጣሪያ እ.ኤ.አ. በ2022 ከ125 ወደ 175 ዶላር አሳድገውታል። ትክክለኛው ሂሳብ ሲላክ የተያዘው ይለቀቃል፤ አንዳንዴ በሰዓታት፣ አንዳንዴ በቀናት። እዚህ ላይ የሚጠየቅ ተመላሽ የለም። ሆኖም የተያዘው ገንዘብ እስኪለቀቅ ድረስ ልናወጣው ስለማንችል፣ የኪራዩ ቀን በመሃል ከደረሰ ችግሩ የምር ነው። ከዚያ ወዲህ እናቴ የወሩ መጨረሻ ሲቃረብ ማሽኑ ላይ ሳይሆን ውስጥ ገብታ “የ40 ዶላር” ብላ ትከፍላለች፤ ያኔ የሚጠየቀው 40 ዶላሩ ብቻ ነው።

ሁለተኛው ጥንድ የእኔ ነበር። ለክሊኒካል የምለብሰውን ስክራብስና ጫማ ኦንላይን ያዘዝኩት በእሷ ካርድ ነው፤ ጠቅላላው 86.50 ዶላር። አፑ ላይ ግን 86.50 ዶላር Pending፣ ከሥሩ ደግሞ 52 ዶላር Posted ይታያል። ሲደመር 138.50 ይሆናል፤ ብታስደነግጥ አይፈረድባትም። የሆነው ይህ ነው። ሱቁ ዕቃውን ከሁለት መጋዘን ስለላከው የሚያስከፍለው እያንዳንዱ ጥቅል ሲወጣ ነው። መጀመሪያ የወጣው ስክራብሱ ነበር፣ 52 ዶላር። ባንኩ 52ን ከ86.50 ጋር ማገናኘት ስላልቻለ የድሮው ፈቃድ ጊዜው እስኪያልፍ ተንጠልጥሎ ቆየ። ከአራት ቀን በኋላ የጫማው 34.50 ዶላር መጣ፤ 86.50ው ደግሞ ከዝርዝሩ ጠፋ። 52 እና 34.50 ሲደመሩ ልክ 86.50 ናቸው። መለያው ይኸው ነው፦ የተከፋፈለ ክፍያ ቁርጥራጮቹ ተደምረው የትእዛዙን ጠቅላላ ይሰጣሉ፣ አንድም ሳንቲም አይተርፍም። ሚኒሶታ ውስጥ ልብስና ጫማ የሽያጭ ታክስ ስለሌለባቸው ድምሩ በአእምሮ የሚሠራ ነው። ታክስ ያለበት ዕቃ ሲሆን ግን ታክሱም አብሮ ስለሚከፋፈል ከዕቃው ዋጋ ሳይሆን ለየጥቅሉ ከሚላከው ኢሜይል ጋር ማስተያየት ይሻላል።

ሦስተኛው የሐበሻ ሱቅ ነበር። እንጀራ፣ በርበሬና ሥጋ፣ 63.27 ዶላር፤ በአንድ ቀን፣ ሁለት ጊዜ፣ ሁለቱም Posted። እዚህ የሚጠበቅ ነገር የለም፤ ሁለቱም ወጥተዋል። የሚደመርም የለም፤ እያንዳንዱ ሙሉ ሂሳብ ነው። ቢሆንም ሁለት እኩል ቁጥር ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። አባቴም ከዚያው ሂሳብ የሚወጣ የራሱ ካርድ አለው። የካርዶቹን የመጨረሻ አራት ቁጥር አየሁ፤ ሁለቱም የእናቴ ናቸው። ተመልሳ ሄዳ እንደሆነ ጠየቅኋት፤ አልሄደችም። ነገር ግን አንድ ነገር ትዝ አላት፦ “ማሽኑ ኔትወርክ የለም ብሎ ሁለተኛ አስገብቻለሁ።”

ነገሩን የፈታው ይህ ነው። የመጀመሪያው ጥያቄ ባንኩ ጋ ደርሶ ተፈቅዷል፤ መልሱ ግን ወደ ማሽኑ ሲመለስ መንገድ ላይ ዘገየ። ማሽኑ ደረሰኝ ስላልሰጠ ባለሱቁም እናቴም አልተከፈለም ብለው አሰቡ። እንዲህ ያለው ፈቃድ ብዙ ጊዜ ሳይላክ ቀርቶ በቀናት ውስጥ ራሱ ይጠፋል። ማታ ሽያጩ ሲዘጋ አብሮ ከተላከ ግን እውነተኛ ድርብ ክፍያ ይሆናል።

እናቴ ከባለሱቁ ጋር መጣላት አልፈለገችም፤ በዓል ሲሆን ዱቤ የሚሰጣት ሰው ነው። እኔም ባንኩ ጋ ቀድመን እንዳንሄድ የፈለግኩት በሌላ ምክንያት ነው። ባንክ በክርክር ገንዘቡን ሲያስመልስ ባለሱቁ ላይ ተጨማሪ ክፍያ ይጣልበታል፤ ለትንሽ ሱቅ ደግሞ ቀላል አይደለም። ስለዚህ ደረሰኙንና የስልኩን ምስል ይዤ ሄድኩ። “ጋሼ፣ የዚያን ቀን የማሽኑን ሪፖርት ቢያዩልኝ?” አልኳቸው። አወጡት። ሁለት 63.27 አለ፣ በሁለት ደቂቃ ልዩነት፣ በአንድ ካርድ፣ በተለያየ የፈቃድ ቁጥር። በእጃችን ያለው ደረሰኝ ላይ የታተመው የሁለተኛው ቁጥር ነበር፤ የመጀመሪያው ባለቤት የሌለው ነው። “ይቅርታ ልጄ፣ ንገሪያት” ብለው እዚያው መለሱት።

የፈቃድ ቁጥሩ አንድ ሆኖ ቢገኝ ታሪኩ ሌላ ይሆን ነበር። አንድ ፈቃድ ሁለቴ ተልኳል ማለት ነውና፣ የቀኑ ሽያጭ በሙሉ ተደግሞ ሊሆን ይችላል፤ የዚያን ቀን የገዙ ሌሎች ሰዎችም ስቴትመንታቸውን ማየት አለባቸው። ሪፖርቱ ላይ አንድ ሽያጭ ብቻ ቢኖር ደግሞ ባለሱቁ ሊመልስ የሚችለው ነገር ስለሌለ ጉዳዩ የባንኩ ነው።

ሱቁ የመለሰው ገንዘብ ድርቡን መስመር አያጠፋውም። ሽያጩ ከመዘጋቱ በፊት ቢሰረዝ ኖሮ Pending ላይ ሳለ ይጠፋ ነበር፤ ከተዘጋ በኋላ ግን ተመላሹ ራሱን የቻለ አዲስ መስመር ሆኖ ነው የሚመጣው። እናቴ አፕ ላይ በሦስተኛው ቀን ሦስተኛ 63.27 ታየ፤ ምልክቱን ያላየ ሰው ሦስተኛ ክፍያ ይመስለዋል።

ባለሱቁ እምቢ ካለ ወይም ዛሬ ነገ ካለ ግን ይሉኝታ ቀኑን እንዳይበላው። በዴቢት ካርድ ስሕተቱ ያለበት ስቴትመንት ከተላከ በ60 ቀን ውስጥ ለባንኩ ማሳወቅ ያስፈልጋል። ባንኩ በ10 የሥራ ቀን ምርመራውን ካልጨረሰ፣ ሲቀጥል ገንዘቡን በጊዜያዊነት መመለስ አለበት፤ በአካል ካርድ አስገብተን በገዛነው ላይ ምርመራው እስከ 90 ቀን ሊሄድ ይችላል። በክሬዲት ካርድም ጊዜው 60 ቀን ነው፤ ግን በ1974 የወጣው ሕግ ሙሉ ጥበቃ የሚሰጠው በጽሑፍ ላመለከተ ሰው ስለሆነ፣ ስልክ ከደወላችሁ በኋላም ደብዳቤውን ስቴትመንቱ ላይ ለቅሬታ ወደተጻፈው አድራሻ ላኩት።