ከ50 በላይ ስንት ናቸው?



የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት ሲወጣ የሁሉም ጥያቄ አንድ ነው፤ ከ50 በመቶ በላይ ያመጡት ስንት ናቸው? እኔ ፉሪ፣ በሰፈራችን፣ ቅዳሜና እሁድ ተፈታኞችን ስለማስጠና ጥያቄው ከውጤቱ በፊት ይመጣብኛል። በስታትስቲክስ ኮርስ የተማርነው የዜድ ሠንጠረዥ የት እንደሚረዳና የት እንደሚያሳስት ያየሁትም በዚሁ ሥራ ነው።

ዘንድሮ ለ40 ተማሪዎች የሞዴል ፈተና ሰጠን። አማካዩ 38 ሆነ። ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑ፣ ማለትም ውጤቶቹ ከአማካዩ ምን ያህል እንደተበተኑ የሚለካው ቁጥር፣ 10 ነበር። ዜድ የሚነግረን መቁረጫው ነጥብ ከአማካዩ ስንት ስታንዳርድ ዴቪዬሽን እንደሚርቅ ነው፦

z = (50 − 38) / 10 = 1.2

በሠንጠረዡ ላይ 1.20 ዘንድ 0.8849 ተጽፏል። ብዙ ተማሪ እዚህ ቆሞ «88 በመቶው ያልፋል» ይላል። ቁጥሩ ግን የሚናገረው ከመቁረጫው በታች ስላሉት ነው፤ ከ1 ሲቀነስ 0.1151 ይቀራል። አንዳንድ መጽሐፍ ሠንጠረዡን የሚጀምረው ከአማካዩ ስለሆነ እዚያው ቦታ 0.3849 ያሳያል፤ ያኔ የሚቀነሰው ከ0.5 ነው። ማረጋገጫው ቀላል ነው፦ መቁረጫው ከአማካዩ በላይ ከሆነ መልሱ ከግማሽ ማነስ አለበት።

0.1151 በ40 ሲባዛ 4.6 ይሆናል፤ አምስት ልጆች ገደማ ማለት ነው። ወረቀቱን ስንቆጥር ግን ከ50 በላይ ያመጡት 7 ነበሩ።

ስሌቱ ትክክል ነበር፤ ያልሠራው ግምቱ ነው። ሠንጠረዡ የተሠራው ውጤቶች በአንድ አማካይ ዙሪያ እንደ አንድ ኮረብታ ሲከመሩ ነው። የእኛን በነጥብ ስናስቀምጠው ሁለት ኮረብታ ታየ። 10ሩ አምና ተፈትነው እንደገና የሚዘጋጁ ናቸው፤ አማካያቸው 53 ነው። የቀሩት 30 አማካያቸው 33 ነው። በየቡድኑ ውስጥ ያለው ስታንዳርድ ዴቪዬሽን 5 ያህል ነው። ለ10ሩ ዜድ −0.6 ይሆናል፤ ከመቁረጫው በታች 0.2743፣ በላይ 0.7257፣ ማለትም 7 ልጆች። ለ30ዎቹ ዜድ 3.4 ነው፤ ከዚያ በላይ የሚቀረው 0.0003 ብቻ ነው፤ ማንም የለም ማለት ይቻላል።

ልዩነቱ የሁለት ልጆች ብቻ አይደለም። 38 የሚለው አማካይ የማንንም ልጅ ሁኔታ አይገልጽም። በእሱ ብንመራ ለ40ዎቹም አንድ ዓይነት ጥያቄ እየሠራን እንቀጥል ነበር። ከዚያ ወዲህ 30ዎቹን ለይተን ከ9ኛ ክፍል ሒሳብ ጀመርን።

ሠንጠረዡን ወደኋላ ማንበብም ይቻላል። በአገር አቀፉ ፈተና ከ50 በመቶ በላይ ያመጡት በ2015 ዓ.ም 3.2 በመቶ፣ በ2016 5.4፣ በ2017 ደግሞ 8.4 በመቶ ነበሩ። በሰፈራችን የ2017ቱ ሲሰማ «ይህን ያህል ከየት ዘለለ?» ተባለ። መጠኖቹን ወደ ዜድ ብንመልሳቸው 1.85፣ 1.61 እና 1.38 እናገኛለን። መቁረጫው በየዓመቱ ወደ አማካዩ የቀረበው ከሩብ ስታንዳርድ ዴቪዬሽን ባነሰና በተቀራረበ እርምጃ ነው፤ አንዴ 0.24፣ አንዴ 0.23። ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑ እንደ እኛ ክፍል 10 ነው ብንል፣ አማካዩ በዓመት ከሁለት ነጥብ ትንሽ በላይ ከፍ ማለቱ ይበቃል። በሁለት ዓመት ግን የአላፊዎቹ ድርሻ 2.6 እጥፍ ሆነ። ምክንያቱ ኮረብታው ከጫፉ ቀጭን ሆኖ ወደ መሃሉ መወፈሩ ነው፤ መቁረጫው ጫፉ ላይ ሲቆም ትንሽ የአማካይ ለውጥ ብዙ ሰው ያሻግራል። በተቃራኒው አቅጣጫም እንዲሁ ብዙ ሰው ይጥላል።

ይህንንም ስል ገደቡን አልረሳም። የየዓመቱ ተፈታኞች የተለያዩ ናቸው፤ ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑም አይለወጥም ማለት አይቻልም። የአገሪቱ ውጤትም የጠንካራና የደካማ ትምህርት ቤቶች ድምር ስለሆነ፣ እንደ ፉሪው ክፍላችን ከአንድ በላይ ኮረብታ ሊኖረው ይችላል። ስለዚህ እነዚያ የዜድ ቁጥሮች ለውጡን በአንድ ሚዛን ለማየት ይጠቅማሉ እንጂ የአገሪቱን ትክክለኛ አማካይ አይነግሩንም።

እናንተም በየሰፈራችሁ የምታስጠኑ ከሆነ፣ አማካዩን ከማስላታችሁ በፊት ውጤቶቹን በነጥብ አስቀምጧቸው። ሁለት ኮረብታ ካያችሁ ሁለት ዜድ አውጡ፤ ከመቁረጫው በላይ ያሉትንም በእጃችሁ ቆጥራችሁ ከሠንጠረዡ ጋር አስተያዩ።