ወንድም ጋሼ፣ አልሞላልኝም

ታናሽ ወንድሜ የባጃጁ ሞተር ተቃጥሎበት 30,000 ብር ሲበደረኝ «ለፋሲካ እመልሳለሁ» ብሎኝ ነበር። ፋሲካም ጰራቅሊጦስም አለፉ። ከብሩ መዘግየት ይልቅ የከነከነኝ ግን እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቤቴ ለቡና መምጣቱን መተዉ ነው። ከሰው የሚሸሽ ባለዕዳ ብዙ ጊዜ የሚሸሸው ስለ ካደ ሳይሆን ስላፈረ ነው።

ለእናታችን ልነግራት አስቤ ነበር። ጌታችን ግን በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 18 የወንድምን ጉዳይ አስቀድመን ለብቻው እንድንነግረው አስተምሮናል። በእናት በኩል የሚደርስ ጥያቄ ደግሞ ክስ ይሆናል።

ስለዚህ አንድ ምሽት ባጃጁን ወደሚያሳድርበት ግቢ ብቻዬን ሄድሁ። አስቀድሜ ስለ ሥራው ጠየቅሁት። ሞተሩ ዳግመኛ ተበላሽቶ ሁለት ሳምንት ያለ ሥራ መቀመጡን ያን ጊዜ ሰማሁ። ከዚያም ነገሩን ሳላድበሰብስ፣ «30,000 ብሩን ለልጆቹ የትምህርት ቤት ክፍያ አስቤው ነበር። በአንድ ጊዜ አምጣ አልልህም፤ በወር ስንት ይቻልሃል?» አልሁት።

አንገቱን ደፍቶ «5,000» አለ። ሀፍረት ያናገረው ቃል መሆኑ ገባኝ። ቢያቅተው ተመልሶ ይሸሸኛል ብዬ 2,000 ላይ ተስማማን፤ የልጆቹን ክፍያ ከዕቁቤ ሸፈንሁ።

ሁለት ወር በቀኑ ላከ። በሦስተኛው ራሱ ደውሎ፣ «ወንድም ጋሼ፣ በዚህ ወር አልሞላልኝም» አለኝ። በዚያው ሳምንት እሑድ ለቡና መጣ።