«አስበናል» እና «ወስነናል»

የዓለም ጤና ድርጅት ዋና ዳይሬክተር ዶክተር ቴድሮስ አድኃኖም እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 22 ቀን 2025 ለአባል አገራት ስለ ቅነሳው ሲያስረዱ አንድ ልዩነት ለይተው ነበር። ለ2026 እና 2027 ከ560 እስከ 650 ሚሊዮን ዶላር የደመወዝ ጉድለት አለ፤ ዝቅተኛው አኃዝ ከሠራተኛ ወጪ 25 በመቶ ያህል ነው፤ ይህ ግን የሥራ መደቡ 25 በመቶ ይታጠፋል ማለት እንዳልሆነ ተናገሩ። ሐሳቡ ትክክል ነው፤ የአንድ ከፍተኛ ባለሙያ ደመወዝና የአንድ ጸሐፊ ደመወዝ እኩል አይደሉምና። ይሁን እንጂ በአዳራሽ የተቀመጠ ሠራተኛ «ሩብ» የሚለውን እንደሰማ ግራና ቀኙን አይቶ ከአራት አንዱ ማን እንደሆነ መቁጠር ይጀምራል፤ ማስተባበያው አያገኘውም። ስለዚህ ለሠራተኛ ሲነገር ቅደም ተከተሉ ቢገለበጥ ይሻላል፤ መጀመሪያ የመደቡ ቁጥር (ካልታወቀም አለመታወቁና የሚታወቅበት ቀን)፣ ቀጥሎ ገንዘቡ።

ዙሪክ ላይ ደግሞ የግሱ ጊዜ ራሱ ሕጋዊ ክብደት አለው። የስዊስ የግዴታዎች ሕግ እንደሚለው፣ 300 ወይም ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያለው ድርጅት በ30 ቀን ውስጥ 30 ሰው ለማሰናበት ካሰበ የጅምላ ስንብት ይሆናል። አሠሪው ከመወሰኑ በፊት ሠራተኞችን ማማከር፣ ስንብቱን ለማስቀረት ሐሳብ እንዲያቀርቡም ዕድል መስጠት አለበት።

400 ሠራተኞች ያሉት አንድ ድርጅት 35 መደብ ሊያጥፍ ነው እንበል። ሥራ አስኪያጁ መድረክ ላይ ወጥቶ «35 ሰው ለማሰናበት ወስነናል» ካለ፣ ምክክሩ ሳይጀመር ከንቱ መሆኑን በገዛ አንደበቱ መሰከረ። ያለ ምክክር የተሰናበተ ሠራተኛ እስከ ሁለት ወር ደመወዝ ካሳ ሊጠይቅ ይችላል። ትክክለኛው ንግግር «35 መደብ ለማጠፍ አስበናል፤ አማራጭ ሐሳባችሁን እስከዚህ ቀን እንቀበላለን» የሚል ነው። ቃሉ እውነት የሚሆነው ግን የስንብት ደብዳቤዎቹ አስቀድመው ካልተፈረሙ ብቻ ነው። ሠራተኛው ይህን የሚያውቅበት ጥያቄ አለው፦ «የትኛው ሐሳብ ነው ዕቅዱን ሊለውጥ የሚችለው?» መልስ የሌለው ሰው ወስኖ የመጣ ነው።

ስለ ፍጥነቱም ብዙ ማለት አያስፈልግም። ስለ ገበያው ሩብ ሰዓት ተናግሮ ቁጥሩን መጨረሻ ላይ የሚጥል ሰው ሩብ ሰዓቱን ለማንም አልተናገረም። ቁጥሩ በመጀመሪያው ደቂቃ ይነገር፤ ከዚያ ዝም ይባል። ዝምታው ለተናጋሪው ይረዝማል፤ ለሰሚው አይበቃም። ምክንያቱ ከዚያ በኋላ ይመጣል፤ ሰሚ የሚያገኘውም ያን ጊዜ ነው።

ጄኔቫ ያሉት ዓለም አቀፍ ድርጅቶች በሕግ ከለላቸው ምክንያት ለዚህ የስዊስ ሕግ አይገዙም፤ በየራሳቸው የሠራተኛ ደንብ ይመራሉ። እዚያ የስዊስ ዜጋ ያልሆነ ሠራተኛ የመኖሪያ መብቱ ከሥራው ጋር የተሳሰረ ስለሆነ፣ የመጀመሪያ ጥያቄው ብዙ ጊዜ ስለ ደመወዝ ሳይሆን «እስከ መቼ እዚህ መኖር እችላለሁ?» የሚል ነው። የልጆቹ የትምህርት ዘመንም በዚያው መልስ ላይ ይንጠለጠላል። መልሱን የያዘ የሰው ኃይል ባለሙያ በዚያው አዳራሽ ሊገኝ ይገባል፤ በሚቀጥለው ሳምንት አይደለም።