ክቡ የሚቀባው ለመቀመጧ ነው

ልጅን ፖፖ ለማስለመድ ግድግዳ ላይ ወረቀት መለጠፍ ጉንደ ወይንም ደርሷል። እህቴ ቤት ያለው ከደብተር የተገነጠለ ወረቀት ነው፤ በእስክርቢቶ ክብ ክብ ተሠርቶበታል። ሁለት ዓመት ከመንፈቅ የሆናት ልጇ ክቡን በቀይ እርሳስ ትቀባለች።

መጀመሪያ የምትቀባው ካካዋ ወይም ሽንቷ ፖፖው ውስጥ ሲገባ ብቻ ነበር። ብዙም ሳይቆይ ልጅቷ ከበር ጀርባ መሸሸግ ጀመረች፤ እግሯን አቆላልፋ በእግር ጣቶቿ ትቆማለች፣ ፊቷ ይቀላል። እናቷ «መጣባት!» ብላ አንስታ ስታስቀምጣት ምንም የለም። ለካ እያማጠች ሳይሆን እየያዘች ኖሯል። የተያዘ ካካ ይደርቃል፣ የደረቀው ሲወጣ ያማል፣ ያመመው ልጅ በሚቀጥለው ጊዜም ይይዘዋል። ሲብስ ደግሞ ቀጭኑ በደረቁ ጎን እያመለጠ ሙታንታ ያበላሻል፤ ያላወቀ ሰው ተቅማጥ ይለዋል፣ ወይ ልጅቷን ይቆጣል።

ስለዚህ ወረቀቱም ፖፖውም ለጊዜው ተነሡ። ውኃ፣ ፓፓያና ጎመን በዛላት፤ ካካዋ እስኪለሰልስና ፍርሃቱ እስኪለቃት ስለ ፖፖ ያነሳባት የለም። (ደም ከታየ ወይም ሆዷ ከተነፋ ግን ቤት ተቀምጦ መጠበቅ አይገባም፤ ጤና ጣቢያ ነው።)

እንደገና ሲጀመር ክቡ ለመቀመጧ ሆነ። መቀመጥ በእጇ ነው፤ የሚወጣው ነገር ግን ሁልጊዜ በእጇ አይደለም። ቁርስ እንደበላች ትቀመጣለች፤ ምግብ ሆድ ሲገባ አንጀትን ስለሚቀሰቅስ ሰዓቱ ጥሩ ነው። እግሯ እንዳይንጠለጠል ጣውላ ተደርጎላታል። ሦስት፣ ቢበዛ አምስት ደቂቃ፤ ከዚያ በፊት ልነሣ ካለች ትነሣለች። መጣም አልመጣም እዚያው ክቧን ትቀባለች። አባቷ ማታ ሲገባ ይሁን ቢባል፣ ለሁለት ዓመት ልጅ ማታ ሌላ ቀን ነው። ልብሷ ላይ ካመለጣት «ፈሰሰ፣ እንጥረገው» ይባላል፤ የተቀባ ክብ አይሰረዝም። የሌሊቱ ሽንት ወረቀቱ ላይ የለም፤ እንቅልፍ ላይ ያለ ልጅ አይቆጣጠረውም።

«ለካካ ደሞ ሽልማት! እናንተን በምን አሳደግናችሁ?» ይላሉ አያቷ፤ ግን ሽልማቱን ያገኙላት እሳቸው ናቸው። ቆሎና ከረሜላ ለዚህ ዕድሜ ያንቃል፤ ስለዚህ ከአያቷ ጋር ለዶሮዎቹ እህል መበተን ሆነ።

የቀረው ችግር ቡና ነው። ጎረቤት ሲሰበሰብ ወረቀቱን ያይና «ዛሬ ስንት ቀባሽ? የእንትና ልጅ እኮ ለምዷል!» ይጀመራል፤ ልጅቷም እናቷ ቀሚስ ሥር ትገባለች። እህቴ ወረቀቱን ነቅላ ወደ መኝታ ክፍል ወሰደችው። ለሚጠይቋት ሁሉ መልሷ «ተቀደደ» ነው።