ምስጋና ወይስ ደጅ ጥናት?



እኛ አሶሳ ላይ ሥራ የምንፈልግ ወጣቶች ማመልከቻ መጻፍ አያቅተንም። ከትምህርት ቤት ጀምሮ የለመድነው ደብዳቤ እሱ ስለሆነ መጨረሻው ሁልጊዜ «እንዲደረግልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ» ነው። ችግሩ ከቃለ መጠይቅ በኋላ የምስጋና ኢሜይል ስንጽፍም እጃችን ወደዚያው መሄዱ ነው። ምስጋና ብለን እንጀምርና ልመና ሆኖ ያልቃል።

በሚያዝያ 2015 የሱዳን ጦርነት ከተነሳ ወዲህ በኩርሙክ በኩል ብዙ ስደተኞች ወደ ክልላችን ገብተዋል። ሸርቆሌን፣ ባምባሲንና ጾሬን በመሳሰሉት ነባር ጣቢያዎች ላይ ኡራም ተጨምሯል። እዚያ ለሚሠሩ የእርዳታ ድርጅቶች የሚወዳደር ወጣት የሚጠራውም የሚጠየቀውም ብዙ ጊዜ በኢሜይል ነው። ስለዚህ የምስጋና ኢሜይል ለእኛ የሩቅ አገር ወግ አይደለም።

ባለፈው አንዲት እህታችን ለማኅበረሰብ አስተባባሪነት ተጠይቃ ስትመለስ ረቂቋን አሳየችን። «ታናናሾቼን የማሳድገው እኔ ነኝ፤ ሥራው በጣም ያስፈልገኛል፤ ስለ አላህ ብላችሁ አስቡኝ» ይላል። አንዱም ውሸት አልነበረበትም። ግን ጠያቂዎቹ ሁሉንም ተወዳዳሪ በአንድ ዓይነት ጥያቄ ጠይቀው፣ በመልሱ ልክ ነጥብ መስጠት ያለባቸው ሰዎች ናቸው። በአላህ ስም ሲለመኑ እምቢ ቢሉ ይከብዳቸዋል፣ እሺ ቢሉ ሌላውን ተወዳዳሪ ይበድላሉ። «ሰው ያለው ነው የሚገባው» እያልን የምናማርረው እኛው፣ በኢሜይል ሰው ፍለጋ ገባን ማለት ነው።

«ምን ጠየቁሽ?» አልናት። አንዷ ጠያቂ ማንበብ የማይችሉ ሰዎች በቅሬታ ሳጥን እንዴት ይጠቀማሉ ብላት ነበር። እሷም በዓረብኛና በበርታ ቋንቋ ቅሬታ የሚሰማ ሰው በታወቀ ሰዓት ይቀመጥ ብላ መልሳለች። ከዚህ ተነስታ እንደገና የጻፈችው ይህ ነው፦

«ርዕስ፦ ምስጋና፣ የማኅበረሰብ አስተባባሪ ቃለ መጠይቅ

ለተከበራችሁ የቃለ መጠይቅ ኮሚቴ አባላት፣

ዛሬ ረፋድ ላይ ለሰጣችሁኝ ጊዜ አመሰግናለሁ። ማንበብ ስለማይችሉ ሰዎችና ስለ ቅሬታ ሳጥኑ ያነሳችሁትን ጥያቄ ከወጣሁ በኋላም ሳስብበት ነበር። ቅሬታውን በቋንቋቸው የሚሰማ ሰው ያስፈልጋል ብዬ ነበር፤ የተመዘገበውም ለባለ ቅሬታው መልሶ ሊነበብለት ይገባል ብዬ አምናለሁ። ተጨማሪ ሰነድ ካስፈለገ በዚሁ አድራሻ አቀርባለሁ።

ከአክብሮት ጋር»

ከሥር ሙሉ ስሟና ስልኳ አለ። በቃ። ለጠሪዎቿ ይህ የማንም ሊሆን የሚችል ደብዳቤ አይደለም፤ የቅሬታ ሳጥኑን ሲያነቡ የትኛዋ ተወዳዳሪ እንደሆነች ያስታውሳሉ። የጨመረችውም አንድ ነገር ብቻ ነው። ያልመለስናቸውን ጥያቄዎች ሁሉ በኢሜይል ልንመልስ ብንነሳ ግን ፈተናውን እንደገና መቀመጥ ይሆናል፤ ማንም አያርመውም። «መልሳችሁን በጉጉት እጠብቃለሁ» የሚለውን ዓረፍተ ነገርም አወጣችው፤ የዋህ ቢመስልም የሚጠይቀው ውጤቱን ነው።

አላላኩም የራሱ ሥርዓት አለው። የጠሩን በኢሜይል ከሆነ ለዚያው መልእክት መልስ አድርገን፣ በዚያው ቀን ወይም በማግስቱ እንላካለን። የኮሚቴው አባላት ስም በግልባጭ ካለ «ለሁሉም መልስ» በሚለው ስንልከው ለሁሉም ይደርሳል፤ ከሌለ የሰው ኃይል ክፍሉ ሊያስተላልፈው ይችላል። ቃለ መጠይቁ በእንግሊዝኛ ከነበረ ምስጋናውም በእንግሊዝኛ ቢሆን ይሻላል። አሶሳ ትንሽ ከተማ ናት፤ ከጠያቂዎቹ አንዱን ሰፈር ወይም መስጂድ ልናገኘው እንችላለን። ያኔ ሰላምታ ብቻ ይበቃል። የግል ስልኩን አፈላልጎ በቴሌግራም መጻፍ ግን ያው ደጅ ጥናት ነው። ኔትወርክ ከጠፋም ሲመለስ አንዴ መላክ እንጂ «ደርሷችሁ ይሆን?» እያሉ መደጋገም አያስፈልግም።

ከዚህ ኢሜይል ብዙ መጠበቅም የለብንም። ነጥቡ ብዙ ጊዜ ከክፍሉ እንደወጣን ተሞልቶ ያልቃል፤ ምስጋና ዝቅተኛውን ነጥብ ከፍ አያደርገውም። የጽሑፍ ፈተና ሰጥቶ ውጤቱን ሰሌዳ ላይ በሚለጥፍ የመንግሥት መሥሪያ ቤትም ብዙ ቦታ የለውም። የሚጠቅመው ሁለት ተወዳዳሪዎች ሲቀራረቡ፣ ወይም የተመረጠው ሰው ሳይመጣ ቀርቶ ተጠባባቂ ሲፈለግ ስማችን በመልካም እንዲነሳ ነው። ውጤት እናሳውቃለን ያሉት ቀን ካለፈ ደግሞ ሌላ አጭር ኢሜይል ጽፎ መጠየቅ መብታችን ነው። ጥያቄው የሚጻፈው ያኔ ነው፣ ለብቻው።

እህታችን ይህን ስንጽፍ ውጤቷን አልሰማችም። ኮሚቴው ግን በማግስቱ «ደርሶናል፣ እናመሰግናለን» ብሎ መልሶላታል። ከዚያ በላይ እንዲመልስም አልጠየቀችውም።