አሥርን ማመን

ቍጥርን በቃል መደርደርና ቍጥርን ማወቅ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የእኅቴ ልጅ ከአንድ እስከ መቶ ሳትደናቀፍ ትቈጥር ነበር፤ ነገር ግን ከ47 ቀጥሎ የሚመጣው ስንት እንደ ሆነ በተጠየቀች ጊዜ ከ40፥ አንዳንድ ጊዜም ከአንድ ጀምራ እስክትደርስበት ድረስ መቍጠር ነበረባት። አራት ቆርኪ በጠረጴዛ ላይ ተበትኖ ብታይ፥ ሌላው ልጅ በዓይኑ አይቶ «አራት» የሚለውን እርሷ አንድ በአንድ በጣቷ ነክታ ሳትጨርስ አትናገርም። ከ19 እና ከ21 የሚበልጠው የትኛው ነው ቢሏት 19 ትላለች፤ ምክንያቷም ዘጠኝ ትልቅ ነው የሚል ነው። «ሀያ ሦስት» ጻፊ ስትባል በወረቀቱ ላይ የሚታየው 203 ነበር።

ልጅቱ ዕድሜዋ አሥራ አንድ፥ ክፍሏም አራተኛ ሲሆን የምትኖረው በአዋሽ ሰባት ኪሎ ነው። እናቷ፥ ታላቅ እኅቴ፥ ወደ ጅቡቲ በሚወስደው አውራ ጎዳና ዳር ለከባድ መኪና ነጂዎች ሻይና ምሳ የምትሸጥበት ትንሽ ቤት አላት። ልጅቱ አማርኛን አጥርታ ታነባለች፤ የሰማችውን ተረት ቃል ሳታጓድል ትደግማለች፤ የደንበኞቹን ስምና እያንዳንዱ የሚወደውን ወጥ አትረሳም። ሒሳብ ላይ ስትደርስ ግን በደብተሯ «ሰነፍ» ተብሎ ተጽፎባት ነበርና፥ እኅቴ በሰኔ ወር ስልክ ደውላ፥ «ትምህርቱ ይብቃትና ከእኔ ጋር ትሥራ ብዬ ነበር፤ ግን ምን ላድርግ፥ የሃምሳ ብር መልስ እንኳ መመለስ አቃታት» አለችኝ። እኔ በሰመራ በአንድ መሥሪያ ቤት የንብረት ክፍል ሠራተኛ ነኝ። ክረምቱን እኔ ዘንድ እንድታሳልፍ ለመንኋት፤ ልጅቱም በገዋኔና በሚሌ የሚያልፈውን ረጅም መንገድ ተጕዛ መጣችና በሐምሌ መጀመሪያ ሎግያ ላይ ተቀበልኋት።

በሰመራ የማውቃቸው አንዲት የልዩ ፍላጎት ትምህርት መምህርት አሉ። ልጅቱን ይዤ ስሄድ አስቀድመው የጠየቁት ስለ ዓይኗ፥ ስለ ጆሮዋና ከትምህርት ቤት ስለ መቅረቷ ነበር፤ ልጅ ሰሌዳውን ሳያይ ወይም ትምህርቱን ሳይከታተል ቢቀር ውጤቱ ይህንኑ ሊመስል ይችላልና። በእነዚህ በኩል ጕድለት እንደሌለ ከተረዱ በኋላ ምልክቶቹ ዲስካልኩሊያ ከሚባለው የቍጥር ችግር ጋር እንደሚመሳሰሉ ገለጹልኝ። የቼኮስሎቫኪያው የሥነ ልቡና ሊቅ ላዲስላቭ ኮሽች በ1974 እ.ኤ.አ. እንዳስረዳው፥ ይህ ችግር ጠቅላላ የማሰብ ችሎታው ሳይጓደል በሒሳብ በኩል ብቻ የሚታይ ሲሆን ከልጁ ጋር አብሮ የሚያድግ ነው። ከ100 ልጆች መካከል ከ3 እስከ 7 በሚደርሱት ላይ እንደሚገኝ ይገመታል። መምህርቷ ቍርጡን ለመናገር የሚያስችል ሙሉ መመዘኛ በእጃቸው አለመኖሩን አልሸሸጉኝም፤ ሆኖም ርዳታው እስከዚያ ድረስ መቆየት የለበትም አሉ።

ርዳታው በሚጨበጥ ነገር እንዲሆን ማዘዛቸውን ስሰማ ቆርኪ ልሰብስብ ብዬ ተነሣሁ። እርሳቸው ግን አስቆሙኝ። «የተበተነ ቆርኪ ብትሰጣት፥ በጣቷ የምታደርገውን በቆርኪ ታደርገዋለች፤ ያንኑ ከአንድ መቍጠር ነው። ቆርኪው ቤት ይኑረው» አሉኝ። በእኔ አስተያየት የነገሩ ቍልፍ ይህ ነው። ችግሩ ልጅቱ ዕቃ ማጣቷ ሳይሆን ቍጥር ሁሉ ለእርሷ የአንድ አንድ ክምር መሆኑ ነበር፤ ስምንት ማለት አምስትና ሦስት፥ ወይም ሁለት የጎደለው አሥር መሆኑ አይታያትም።

ለቆርኪው ቤት የሆነው የእንቁላል ትሪ ነው። ትሪው በአምስትና በስድስት የተደረደሩ 30 ጕድጓዶች ስላሉት በመቀስ ሦስት ቦታ ሲቈረጥ እያንዳንዱ ቍራጭ ሁለት ረድፍ፥ በረድፉም አምስት ጕድጓድ ይኖረዋል። ቆርኪው ሁልጊዜ ከላይኛው ረድፍ፥ ከግራ ጀምሮ ይሞላል። የመጀመሪያው ሥራ መደመርም መቀነስም አልነበረም፤ ማየት ብቻ ነበር። ስድስት ቆርኪ ሞልቼ ትሪውን በጨርቅ እሸፍናለሁ፤ ለሁለት ሰከንድ ያህል ገልጬ እንደ ገና እከድነዋለሁ፤ ስንት እንደ ነበረ ትነግረኛለች። ለመቍጠር ጊዜ ስለማይበቃት የላዩ ረድፍ ሙሉ ከሆነ አምስት መሆኑን፥ ከሥር አንድ ካለ ስድስት መሆኑን በዓይኗ መያዝ ግድ ሆነባት። የሰመራ ሙቀት ከመበርታቱ በፊት በማለዳ፥ በቀን ከ15 ደቂቃ ሳናልፍ፥ እስከ አሥር ያለውን ለመጨረስ ሁለት ሳምንት ያህል ፈጀብን። ቀጥሎ ያው ትሪ ተገልጦ ጥያቄው ተለወጠ፤ «ባዶው ስንት ነው?» አልኋት። ስምንት የሞላበት ትሪ ሁለት ባዶ ያሳያልና 8 እና 2 አሥር መሆናቸውን በቃል ሳይሆን በዓይን አገኘችው።

ከዚህ በኋላ 8 እና 5 መደመር ተራው ደረሰ። በአንዱ ትሪ ስምንት፥ በሌላው አምስት ቆርኪ ተቀመጠ። ከአምስቱ ሁለቱን አንሥታ የመጀመሪያውን ትሪ ሞላች፤ በሁለተኛው ሦስት ቀሩ። እጇ የሠራው ሁሉ ትክክል ነበር። «ታዲያ ስንት ሆነ?» ባልኋት ጊዜ ግን ከሞላው ትሪ ጀምራ «አንድ፥ ሁለት፥ ሦስት» እያለች እስከ አሥራ ሦስት ቈጠረች። መልሱ ልክ ስለ ሆነ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ተደስቶ ያልፋል። መምህርቷ ግን አስቀድመው ያስጠነቀቁኝ ይህን ነበር፤ ልጅቱ የሞላው ትሪ አሥር መሆኑን ገና አላመነችም ማለት ነው። መድኃኒቱ ቀላል ሆኖ ተገኘ። ከካርቶን ክዳን ቈርጠን፥ ትሪው እንደ ሞላ ከደንነውና በክዳኑ ላይ 10 ብለን ጻፍንበት። የማይታየውን መቍጠር አይቻልምና «አሥር... አሥራ ሦስት» አለች። በዚህ ላይ ቋንቋችን ረድቶናል፤ አሥራ ሦስት የሚለው ቃል አሥርና ሦስት መሆኑን በራሱ ይናገራል።

ይህ ቆጥሮ እንዳይቈጠር የማድረግ ዘዴ ለእኛ አገርም ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። የቤልጂጉ መምህር ዦርዥ ኩዊዝኔር ከአንድ እስከ አሥር ሳንቲ ሜትር የሚረዝሙ ባለ ቀለም በትሮች ሲያዘጋጅ በበትሮቹ ላይ ምንም የመከፋፈያ ምልክት አላደረገም፤ ቢጫው በሙሉ አምስት ነው፥ አይቈጠርም። እነዚህን በትሮች ለዓለም ያስተዋወቀው በእስክንድርያ የተወለደው ካሌብ ጋተኞ በ1957 እ.ኤ.አ. በተባበሩት መንግሥታት በኩል ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ ሠርቷል፤ ንባብን በቀለም የማስተማር ዘዴውን ያፈለቀውም እዚሁ ከአማርኛ ፊደል ጋር ሲታገል ነው። ስሙን የሚያስታውስ ሰው በመካከላችን እምብዛም መሆኑ ይገርመኛል።

203 ተብሎ የተጻፈው ሀያ ሦስት ሌላ መንገድ አስፈለገው። ልጅቱ የጻፈችው የሰማችውን ነው፤ ሀያ 20 ነው፥ ሦስትም 3 ነው፥ አንድ ላይ ሲጻፉ 203። በግእዝ አኀዝ ቢሆን ኖሮ ልክ ነበረች፤ ፳፫ የሚጻፈው ፳ እና ፫ ጐን ለጐን ሆነው ነውና። ከካርቶን ሁለት ጕድጓድ የሚያህል ወርድ ያለው ካርድ ቈርጠን 20 ጻፍንበት፤ በአንድ ጕድጓድ ወርድ ደግሞ 3 የተጻፈበት አዘጋጀን። ሦስቱ በዜሮው ላይ ሲጋደም 23 ይነበባል፤ ሲነሣ ዜሮው ከሥሩ ተደብቆ እንደ ነበረ ይታያል። ይህን በጣም ወደደችው፤ ለሰዓታት ስታነሣና ስትጥል ትውል ነበር።

ከአሥራዎቹ በላይ ላለው ሒሳብ ከመፋቂያ ሻጭ የገዛነውን ቀጫጭን እንጨት እያሳጠርን አሥር አሥሩን በክር አሰርነው። ከጎረቤት የሚመጡት የአፋር ልጆችም እስሩን ባነሡ ቍጥር በቋንቋቸው «ታባና» ይሉት ነበር፤ አሥር ማለት ነው። ጥያቄው ከ32 ላይ 17 መቀነስ ነበር። በወረቀት ስትሠራው ሁልጊዜ 25 ይመጣባታል፤ ከሁለት ላይ ሰባት ስለማይነሣ ገልብጣ ከሰባት ላይ ሁለት ትቀንሳለችና።

ስለዚህ መቀነሱን ትተን መፍታትና ማሰርን ብቻ ለአምስት ቀን ሠራን። ሦስት እስርና ሁለት እንጨት አስቀምጣ አንዱን እስር ትፈታለች፤ ሁለት እስርና አሥራ ሁለት እንጨት ይሆናል። «አሁን ስንት ነው?» እላታለሁ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሁሉንም እንደ ገና ቈጠረች። በአራተኛው ቀን እንጨቱን ሳትነካ ቀና ብላ፥ «ጋሼ፥ ያው ሠላሳ ሁለት ነዋ፤ ማን ወሰደበት?» አለችኝ። በማግሥቱ አንድ ጊዜ ብቻ አረጋገጥሁና መቀነሱን ጀመርን። ከአሥራ ሁለቱ ሰባት ስታነሣ አምስት ቀረ፤ ከሁለቱ እስር አንዱን ስታነሣ አንድ ቀረ፤ 15። ለጥቂት ቀናት እስሩን በመስመር፥ እንጨቱን በነጥብ እየሣለች ሠራች፤ ከዚያም አኀዙን ጻፈች። አኀዙን ስትጽፍም እንጨቱ ከአጠገቧ አልተነሣም፤ ያለ እንጨት አምስት ጥያቄ በተከታታይ እስክትመልስ ድረስ እንዲቆይ መምህርቷ አጥብቀው አሳስበው ነበር።

ብሩን ለመጨረሻ ያቆየነው በምክንያት ነው። አሥር እንጨት አንድ እንጨትን አሥር ጊዜ ይበልጣል፤ የአሥር ብር ኖት ግን የአምስት ብሩን ኖት በመጠን እጥፍ አይሆንም፤ ዓይን ከእርሱ ምንም አይማርም። ለመልሱም መቀነስን ትተን ሻጮች የሚያደርጉትን አደረግን። 35 ብር የበላ ሰው 50 ቢሰጥ፥ ከ35 ላይ 5 ሲጨመር 40፥ 10 ሲጨመር 50፤ መልሱ በእጅ ላይ ተሰብስቦ ይገኛል፥ 15።

ሁሉም ግን አልተሳካም። የማባዛት ሠንጠረዥ የሁለት፥ የአምስትና የአሥሩ ሲገባት የሰባትና የስምንቱ ዛሬ ተይዞ ነገ ይጠፋል፤ ለእርሱ የተጻፈ ሠንጠረዥ በደብተሯ ሽፋን ለጥፈንላታል። «ቶሎ በዪ» ከተባለችም ወደ ጣቷ ትመለሳለች። በመስከረም ወደ አዋሽ ስትመለስ ትሪዎቹንና እስሮቹን ይዛ ሄደች፤ የክፍል ጓደኞቿ «የአንደኛ ክፍል ዕቃ» ብለው ስቀውባት እንደ ነበር ነገረችኝ፤ አዲሱ አስተማሪዋ ግን በጠረጴዛዋ ላይ እንድታስቀምጠው ፈቅደውላታል። እኅቴም ስለ ማቋረጡ እስከ ዓመቱ መጨረሻ እንደማታነሣ ቃል ገብታልኛለች፤ ከዚያ በላይ ቃል አልሰጠችኝም።

አሁን የሚጠብቀን ክፍልፋይ ነው። ያልተቈረጠው የእንቁላል ትሪ 30 ጕድጓድ ስላለው ለግማሽም፥ ለሢሶም፥ ለአምስተኛም በእኩል ይከፈላል፤ ለሩብ ግን አይሆንም። ለሩቡ እናቷ በር ላይ የቆመውን 24 ጠርሙስ የሚይዘውን የለስላሳ ሣጥን መርጠናል።