«ሰዓቱ ተምታቶብኝ» ከማለት በፊት

ዛሬ የምጽፈው ቀጠሮ ስላመለጠው ሰው ደብዳቤ ነው። የማመልከቻ አጻጻፍ ክፍል ውስጥ ስናስተምር ስለ ሥራ ማመልከቻና ስለ ፈቃድ መጠየቂያ እንናገራለን። «ትናንት ሳልመጣ ቀርቻለሁ፣ ሌላ ቀን ስጡኝ» የሚለውን ደብዳቤ ግን እስካሁን አንድም መጽሐፍ ላይ አላየሁትም። ኑሮ ላይ ደግሞ ከሁሉም በላይ የሚያስፈልገው እሱ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከዓመታት በፊት ያስተማርኳት ልጅ (ፈቅዳልኝ ነው የምጽፈው) በአካውንቲንግ ተመርቃ ሁለት ዓመት ሥራ ስትፈልግ ቆየች። ባለፈው ጥቅምት አዲስ አበባ ያለ አንድ ድርጅት ለቃለ መጠይቅ ጠራት። ካመለከተችባቸው ሁሉ የጠራት የመጀመሪያው ነው። በስልኳ የደረሳት መልእክት በአማርኛ ሆኖ ማክሰኞ ጥቅምት 18 «በ9:00 ሰዓት» ይላል። ጠዋት አይል፣ ከሰዓት አይል።

አማርኛ ለሚያነብ ሰው 9 ሰዓት ያው 9 ሰዓት ነው። ሌሊት 9 ቃለ መጠይቅ የሚያደርግ ስለሌለ፣ ከሰዓት ነው ማለት ነው። ልጅቷ ከደብረ ብርሃን በዋዜማው ገብታ አክስቷ ቤት አደረች፤ በማግስቱ ቀድማ በ8 ሰዓት በሩ ላይ ደረሰች። ጥበቃው ስሟን መዝግቦ አስቀመጣት። 9 ሲሆን አንዲት ሠራተኛ ወጥታ «አንቺን እኮ ጠዋት 3 ሰዓት ነው የጠበቅንሽ፤ ጠያቂዎቹ ተበትነዋል» አለቻት። ለካ ቢሮው የሚሠራው በፈረንጅ ሰዓት ኖሮ፣ ጸሐፊዋ ቁጥሩን እንዳለ ወደ አማርኛው መልእክት ገልብጣዋለች።

ከበሩ ወጥታ ስትደውልልኝ እያለቀሰች ነበር። ከጎኗ የነበረ የአክስቷ ልጅ ደግሞ «ለቅሶ ደረሰብኝ ብለሽ ጻፊ» ይላታል። ይሄ ምክር አገር ያወቀው ነው፤ ስንቱ ዘመድ በየቢሮው በወረቀት እንደሞተ እግዜር ይቁጠረው! እሷ ግን በዚያው ቀን ጥበቃው መዝገብ ላይ ስሟ ሰፍሯል። የተቀመጠችበትን ወንበር ያዩ ሰዎች አሉ። እውነቱ ራሱ ከውሸቱ ይልቅ ይጠቅማታል፤ ያልገባት ይሄ ብቻ ነበር።

«ማልቀሱን ተይውና ቢሮው ሳይዘጋ፣ ዛሬውኑ በኢሜይል ይግባ» አልኳት። ለነገ ካደረ፣ የሚያነበው ሰው የሚያስበው «አስባበት የመጣች ምክንያት» ብሎ ነው። ካፌ ገብታ ጽፋ ላከችልኝ። አንድ ሙሉ ገጽ ነው። «ከአቅሜ በላይ በሆነ ምክንያት» ይላል፣ «ሰዓቱ ተምታቶብኝ» ይላል፣ «ከእግራችሁ ሥር ወድቄ» ይላል፣ መጨረሻው ላይ ደግሞ ምርቃት አለው።

«ከአቅም በላይ በሆነ ምክንያት» የሚለውን ወዲያው አስወጣሁት። ይህ አባባል ምክንያት የለውም፤ ምክንያቱን የሚደብቅ መጋረጃ ነው። አንባቢውም ያውቀዋል፣ እሱም ራሱ ሲቀር የሚጽፈው ያንኑ ነውና።

«ተምታቶብኝ» ላይ ግን ትንሽ ልቆይ። አማርኛችን «‑ብኝ» የምትባል ምቹ መደበቂያ አለችው። ረፈደብኝ፣ መሸብኝ፣ ጠፋብኝ፣ ተረሳብኝ። ልብ ብላችሁ እዩዋቸው፤ በአንዱም ውስጥ አድራጊው እኔ አይደለሁም። ቀኑ ራሱ ረፈደ፣ ዕቃው ራሱ ጠፋ፣ እኔ ጉዳቱ የወደቀብኝ ምስኪን ነኝ። «አረፈድኩ» እና «ረፈደብኝ» አንድ አይደሉም። በርግጥ «‑ብኝ» ቦታ አላት፤ መንገድ ሲዘጋ «መንገድ ተዘጋብኝ» ማለት ትክክል ነው፣ የዘጋሁት እኔ አይደለሁማ። ይቅርታ በሚጠይቅ ዓረፍተ ነገር ላይ ግን፣ ለጠበቀህ ሰው «ተጎጂው እኔ ነኝ» እንደማለት ይሆናል። ስለዚህ የመጀመሪያው ግስ «አልተገኘሁም» ይሁን አልኳት። ደረቅ ነው፣ ግን ንጹሕ ነው።

እሷም መለሰችልኝ፦ «ቲቸር፣ ጥፋቱ እኮ የእነሱ ነው። በስህተት ጻፋችሁ ልበላቸው?»

እውነቷን ነው፤ አማርኛ መልእክት ላይ የፈረንጅ ሰዓት መጻፍ የእነሱ ስህተት ነው። ግን «ስህተታችሁ» ብላ ከጻፈች ጸሐፊዋ ራሷን ለመከላከል ትነሳለች፣ ቀጠሮ ይዛ የምትሰጣት ደግሞ ያችው ጸሐፊ ናት። መልእክታቸውን ቃል በቃል በትምህርተ ጥቅስ ማስቀመጥ ይበቃል። ኃላፊው ሲያነበው የማን እንደሆነ ራሱ ያያል።

በመጨረሻ የላከችው ይህን ነው፤

«ጉዳዩ፦ ሌላ የቃለ መጠይቅ ቀጠሮ ስለመጠየቅ

ማክሰኞ ጥቅምት 18 ቀን ጠዋት 3 ሰዓት በተያዘልኝ ቀጠሮ አልተገኘሁም። ጊዜያችሁን ሰጥታችሁ ስለጠበቃችሁኝ ይቅርታ እጠይቃለሁ። መልእክቱ ላይ ያለውን ‹በ9:00 ሰዓት› ከሰዓት 9 ሰዓት ብዬ ስለተረዳሁት በ8 ሰዓት ቢሮ ደርሻለሁ፤ ስሜ በጥበቃ መዝገብ ላይ ይገኛል።

ለሥራው ያለኝ ፍላጎት እንዳለ ነው። የሚመቻችሁ ከሆነ ሐሙስ ጥቅምት 20 ወይም ዓርብ ጥቅምት 21፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ ከሰዓት 10 ሰዓት ባለው ጊዜ መቅረብ እችላለሁ። እነዚህ ቀናት ካልተመቹ እናንተ በምትወስኑት ቀን እገኛለሁ። በስልክ ለመጠየቅም ዝግጁ ነኝ።»

ከዚያ ስሟና ስልኳ። በቃ።

ቀኖቹን መጥቀስ አልወደደችም ነበር፤ «እኔ አጥፍቼ እኔ ቀን እመርጣለሁ እንዴ?» አለች። ጨዋነቷ ደስ ይላል። ግን «በፈለጋችሁት ጊዜ» ብቻ ብሎ መተው ሥራውን ሁሉ ለሌላው መስጠት ነው። ያ ሰው የሦስት ጠያቂዎችን ፕሮግራም አይቶ፣ ለአንቺ ደውሎ፣ «ይመችሻል ወይ» ብሎ፣ ተመልሶ ማስተካከል አለበት። ሁለት ቀን ከሰጠሽው ግን አንዱ ላይ ምልክት ማድረግ ብቻ ነው የሚጠበቅበት። ደግሞም እሷ አክስቷ ቤት መቆየት የምትችለው እስከ ቅዳሜ ነበር፤ ያን ለእነሱ መንገር ሳያስፈልግ ቀኖቹ ራሳቸው ተናገሩላት።

ስለ ሰዓቱ ደግሞ፦ 14:00 ብሎ የጻፈ ቢሮ በፈረንጅ እንደሚቆጥር ራሱ ይናገራል። አስቸጋሪው ከ12 በታች ያለው ነው። 3:00 ሲባል የኛ ከሆነ ጠዋት ነው፣ የፈረንጅ ከሆነ ከሰዓት 9 ነው፤ ሁለቱም የሥራ ሰዓት ስለሆነ በግምት አይለይም። መልእክቱ ሲደርሳችሁ «ጠዋት 3 ሰዓት ነው ወይስ ከሰዓት 9?» ብላችሁ መልሳችሁ ጠይቁ፤ ማንም አይቀየምም። ውጭ አገር ካለ ሰው ጋር በኢንተርኔት ስትቀጣጠሩ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ፤ ዋሽንግተን በበጋቸው ከኛ በ7 ሰዓት፣ በክረምታቸው በ8 ሰዓት ወደኋላ ናት። እነሱ በማርችና በኖቬምበር ሰዓታቸውን ሲያዞሩ እኛ ዝም ብለን እንቀመጣለን።

ረቡዕ ከሰዓት ስልኳ ጮኸ። ዓርብ ጠዋት 4 ሰዓት አሏት። የደወለችው ያችው ጸሐፊ ናት፣ «በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው የምልሽ» ብላ ሁለቴ ደገመችላት አሉ። ዓርብ ገብታ ተጠየቀች፤ የጠየቋት ሦስት ሰዎች ሲሆኑ፣ ስለ ማክሰኞው ያነሳ አልነበረም። ውጤቱ ገና ነው፤ ሲመጣ እዚሁ እነግራችኋለሁ።

ደብዳቤውን ለራሳችሁ መጠቀም የምትፈልጉ ቀኑን ቀይራችሁ ውሰዱት። የጥበቃ መዝገቡን ግን እውነት ካልሆነ እንዳትጽፉት።